30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ፊደል ይገባል?

«ሰላም ጋሼ፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ የባልትና ቤት ለበርበሬያቸው የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ አዘዙኝ። ኢንተርኔት ላይ በሰከንድ 2 ቃል ተኩል የሚል አይቼ 75 ቃል ጻፍኩ፣ የምታነብልኝ ልጅ ስታነበው ግን 54 ሰከንድ ሆነ። በ1.8 አፍጥኜ 30 ውስጥ ከተትኩት፣ ግን ሰው እያባረራት የምታወራ ነው የሚመስለው። ምስሉም አልገጥም አለኝ፣ ስለ ቅመሙ ስታወራ የታሸገው በርበሬ ነው የሚታየው። ደንበኞቼ ደግሞ ዋጋውም ስልክ ቁጥሩም በድምፅ ይነበብ ይላሉ። ስክሪፕቱን ልኬልዎታለሁ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እህቴ፣ ስክሪፕትሽን ስልኬ ላይ ስቶፕዋች ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እኔም 52 ሰከንድ ፈጀብኝ። ስለዚህ ልጅቷ ቀርፋፋ ሆና አይደለም፣ አንቺም ቆጠራ አልተሳሳትሽም፣ የቆጠርሽበት መለኪያ ነው የኛ ያልሆነው። በሰከንድ 2 ቃል ተኩል፣ በደቂቃ 150 ቃል የሚባለው ለእንግሊዝኛ የወጣ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉ አጫጭር ነው፣ መስተዋድዱም ተውላጠ ስሙም ለየብቻ ቆሞ እንደ አንድ አንድ ቃል ይቆጠራል። እኛ ጋ ደግሞ «ስለማይመጡልን» ብለሽ አንድ ቃል ቆጠርሽ፣ እንግሊዝኛው ያንኑ ለማለት ስድስት ሰባት ቃል ይፈልጋል። «እጅ» አንድ ቃል ነው፣ «በርበሬያችንን»ም አንድ ቃል ነው፣ አፍ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ሦስት አራት እጥፍ ይቆያል። በቃል ቆጥሮ ሰከንድ መገመት ለአማርኛ አይሆንም የምልሽ ለዚህ ነው።

የሚሆነው ፊደል መቁጠር ነው። የኛ ፊደል እኮ ተነባቢውን ከነ አናባቢው ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ አንድ ፊደል ማለት ወደ አንድ ምት ይጠጋል፣ ይሄ ብዙ ቋንቋ የሌለው ትልቅ ጥቅም ነው። እኔ ለማስታወቂያ የምጠቀምበት ልክ ረጋ ላለ ንባብ በሰከንድ 6 ፊደል ነው፣ ለስላሳ፣ እናት ለልጇ እንደምታወራ ዓይነት ከሆነ ወደ 5 ይወርዳል፣ ጮክ ያለ የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ ከሆነ 7 ይደርሳል። ይሄ የኔ ልኬት ነው፣ ያንቺ አንባቢ የራሷ ልክ ስላላት 120 ፊደል የሆነ ማንኛውም ጽሑፍ ስጫትና በምትፈልጊው ስሜት ታንብብ፣ 20 ሰከንድ ከፈጀባት 6 ናት ማለት ነው። የላክሽልኝን ስክሪፕት ቁጥሮቹን በፊደል ዘርግፌ ስቆጥረው 322 ፊደል ነው፣ ለ54 ስታካፍዪው እንግዲህ ያው 6 አካባቢ ይመጣል፣ ልጅቷ በትክክለኛው ፍጥነት ነው ያነበበችልሽ።

ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም። ጉግል ዶክስ ላይ ለጥፊውና Word count ውስጥ ገብተሽ Characters excluding spaces የሚለውን እዪ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ ካራክተር ነው የሚቆጠረው። ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ግን አብሮ ስለሚቆጥር እነሱን ቀንሺ፣ ቁጥር ካለ ደግሞ ከመለጠፍሽ በፊት እንደሚነበበው አድርገሽ በፊደል ጻፊው። «650 ብር» ስትጽፊው ትንሽ ነገር ነው፣ ሲነበብ ግን «ስድስት መቶ ሃምሳ ብር» ሆኖ 11 ፊደል ነው፣ ወደ ሁለት ሰከንድ በላብሽ ማለት ነው። ስልክ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፣ አስር አሃዝ አንድ በአንድ ቢነበብ ወደ 30 ፊደል ነው፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ ሰው እንዲይዘው ማረፍ አለ፣ ስድስት ሰከንድ ገደማ ሄደ። ከ30 ሰከንዱ አንድ አምስተኛው ማለት ነው፣ ያም ሆኖ በጆሮው ሰምቶ አስር አሃዝ የሚይዝ ሰው የለም።

የፊደል ቆጠራ ፍጹም እንዳልሆነ ልንገርሽ። ሳድስ የሚበዛበት ቃል አፍ ላይ ያጥራል፣ «ስድስት» አራት ፊደል ሆኖ ሲነበብ ቶሎ ያልቃል፣ «አላለላቸውም» ደግሞ ሁሉም እየተጠራ ይሄዳል። የሚጠብቅ ፊደልም ትንሽ ያስረዝማል፣ እሱ ደግሞ ጽሑፉ ላይ አይታይም። እነዚህ ተደማምረው 30 ሰከንድ ላይ ሁለት ሰከንድ ወዲያ ወዲህ ሊያደርጉሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ቆጠራው ለመጻፊያ ነው፣ መጨረሻ ላይ የምታምኚው ስቶፕዋቹን ነው።

አሁን ወደ ሰከንዱ እንምጣ። 30 ሰከንድ ተባለ ማለት 30 ሰከንድ ወሬ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰከንድ ያለ ድምፅ ተዪ፣ ያኔ የሚሰማው ዛላው ምንጣፉ ላይ ሲፈስ የሚያወጣው የኮሽታ ድምፅ ብቻ ይሁን፣ ሰው ጆሮውን የሚያዞርበት ጊዜ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሦስት ሰከንድ ለሎጎ፣ ለዋጋና ለስልክ ቁጥር፣ በዚህ ጊዜ አንባቢዋ ዝም ትበል፣ ሰው ቁጥር እያነበበ ሌላ ነገር ከሰማ ሁለቱንም ያጣል። ቀረሽ 26 ሰከንድ። ከዚህ ላይ በዓረፍተ ነገሮች መሃል ለትንፋሽ ወደ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲወጣ በንባብ የምትጠቀሚው 23 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ በ6 ስታባዢው 138 ፊደል። ከ322 ወደ 138 ማለት ከግማሽ በላይ ይጣላል፣ አውቃለሁ ያማል፣ ግን በ1.8 ስታፈጥኚው የጣልሽው ከዚህ ይበልጥ ነበር፣ ምክንያቱም ያኔ ከተባለው አንዱንም የሰማ ሰው የለም።

ስለ ማፍጠኑ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። እስከ 1.05፣ ሲበዛ 1.1 ድረስ ብታፈጥኚ ሰው ልብ አይለውም። ከዛ በላይ ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጎዳው የሚጠብቀው ፊደል ነው፣ ቆይታው ሲሳሳ ላልቶ የተነበበ ይመስላል፣ አማርኛ ደግሞ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚቀይር ቋንቋ ነው። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ «ገና»ም እንደዛው። ሰከንድ መቆጠብ ከፈለግሽ ከማፍጠንሽ በፊት መሃል ላይ ያለውን ረጅም ትንፋሽ ቁረጪ፣ ከአንዱ ክፍተት ሩብ ሩብ ሰከንድ ብትወስጂ ማንም ሳያውቅ አንድ ሰከንድ ታገኛለሽ።

ምስሉ ያልገጠመልሽ ግን በርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ትልቁ ነገር ያለው። ስክሪፕትሽ ውስጥ ይህቺ ዓረፍተ ነገር አለች፦

«ከማረቆ በመጣ ምርጥ ዛላ በባለሙያ እናቶች እጅ ተቀንጥሶና ታጥቦ የተዘጋጀውን ንጹህ በርበሬያችንን ይግዙ።»

13 ቃል ናት፣ በኢንተርኔቱ ስሌት 5 ሰከንድ ከምናምን ትሆናለች፣ በፊደል ግን 53 ናት፣ ወደ 9 ሰከንድ። ከርዝመቷ በላይ ግን «በርበሬያችንን» የሚለው የቱ ጋ እንዳለ እዪው። ከሱ በፊት 42 ፊደል አለ፣ ማለትም አድማጩ ስለምን እንደሚወራ የሚያውቀው 7 ሰከንድ ቆይቶ ነው። አንቺ ደግሞ ምስሉን የደረደርሽው በተገላቢጦሽ ነው፣ መጀመሪያ የታሸገው በርበሬ፣ ከዛ እናቶቹ፣ ከዛ ዛላው። ምናልባት የውጭ ማስታወቂያ አይተሽ ይሆናል እንደዛ የደረደርሽው፣ እንግሊዝኛ ዕቃውን መጀመሪያ ጠርቶ ማብራሪያውን ከኋላ ያስከትላል፣ አማርኛ ደግሞ ማብራሪያውን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ስሙን መጨረሻ አካባቢ፣ ግሡን ደግሞ ማሰሪያው ላይ ያመጣል። በዛ አደራደር ላይ የኛን ዓረፍተ ነገር ስትጭኚበት ድምፁ «ከማረቆ» ሲል ፓኬት ይታያል፣ «በርበሬያችንን» ሲል ደግሞ ዛላ ይታያል፣ ያው የደረሰብሽ እሱ ነው።

እኔም ድሮ ይሄን ስህተት ሠርቼዋለሁ። የአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ማስታወቂያ ሰጡኝና ምስሉን ሁሉ አራት ነጥቡ ላይ ቆረጥኩት፣ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ምስል ይቀየራል ብዬ። ወረቀት ላይ ልክ ይመስላል፣ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ወንበር ስሙ ከተጠራ በኋላ ነበር የሚመጣው፣ ባለቤቱ አይተውት ምኑ እንደሆነ ሳያውቁ «ያደክማል» ብቻ አሉኝ፣ እኔም ሳየው ያደክም ነበር። ከዛ ወዲህ አራት ነጥብ ላይ አልቆርጥም፣ የምቆርጠው ስሙ ከመጠራቱ ትንሽ ቀደም ብዬ ነው፣ 0.2 ሰከንድ ያህል። ፕሮጀክትሽ በ25 ፍሬም ከሆነ 5 ፍሬም፣ በ30 ከሆነ 6 ፍሬም ማለት ነው። ዓይን ቀድሞ ይይዛል፣ ጆሮ ሲደርስ ያረጋግጣል። ተገልብጦ ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ከዘገየ ሰው እየጎተተ ያለ ነው የሚመስለው።

መፍትሔው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሰባብሮ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ምስል እንዲኖረው ማድረግ ነው። የላክሽልኝን የክሊፕ ዝርዝር አይቼ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፣ ጎኑ ላይ ያለው የፊደል ቁጥሩ ነው፦

ዛላው ከማረቆ መጣ። — 9
አንድ በአንድ ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ። — 20
ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በልኩ ገባ። — 29
ባዕድ ነገር አልገባበትም። — 13
ወጥዎ ላይ ሲያደርጉት፣ ቀለሙና ሽታው ይመሰክራሉ። — 24
የባልትና ቤቱ ስም፣ በግማሽ ኪሎ እና በአንድ ኪሎ። — ስሙ 8 ፊደል ስለሆነ 22

ሲደመር 117 ፊደል፣ 33 ቃል። ከ138 በታች ሆነ ብለሽ የተረፈውን ለመሙላት እንዳትቸኩዪ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያሉት ነጠላ ሰረዞች ይበሉታል። ቅመም ሲዘረዘር አንባቢዋ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ታርፋለች፣ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ብለሽ ያዢ፣ አራት ጊዜ ስታርፍ አንድ ሰከንድ ከምናምን ሆነ። ይሄን ማረፊያ ሳይቆጥሩ ነው ብዙ ሰዎች መጨረሻ ላይ ሎጎው ላይ የሚጋጩት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ «ወጥዎ ላይ ሲያደርጉት» ያልኩት ደንበኞችሽ አንቱታ ይፈልጋሉ ብዬ ነው። «ወጥሽ ላይ ስታደርጊው» ብትዪም 11 ፊደል ነው፣ ያኛውም 11 ነው፣ ስለዚህ እሱን እነሱ ይወስኑ፣ ሰከንዱን አይነካብሽም።

እንግዲህ ታይምላይኑ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ይሄዳል። ከ0 እስከ 1 የዛላው ኮሽታ ብቻ። አንደኛው መስመር 1 ላይ ጀምሮ 2.5 ላይ ያልቃል፣ 9 ፊደል ለ6 አንድ ተኩል ሰከንድ ነው። ምስሉ ያው ከመጀመሪያው የጀመረው ሰፊው ዛላ ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም፣ ሦስት ሰከንድ ይቆይ። ከ0.6 ሰከንድ ትንፋሽ በኋላ 3.1 ላይ ሁለተኛው መስመር ይገባል። «አንድ በአንድ ተቀንጥሶ» 12 ፊደል ነው፣ ሁለት ሰከንድ፣ እዚህ ላይ የእናቶቹ እጅ ዛላውን ሲቀነጥስ ቀረብ ያለውን ክሊፕ አድርጊ፣ «ፀሐይ» የሚለው 5.4 ላይ ስለሚመጣ ምስሉን 5.2 ላይ ቀይሪና ምንጣፉ ላይ የተሰጣውን አሳዪ። «ደረቀ» የሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እሱን ጠብቀሽ ብትቆርጪ ኖሮ ስጡ ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነበር የሚታየው፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ሦስተኛው መስመር 7.3 ላይ ይጀምርና ከነ ማረፊያው ስድስት ሰከንድ ይወስዳል። ማስታወቂያው ውስጥ ምስሉ ፈጠን ብሎ የሚቀያየርበት ብቸኛ ቦታ ይሄ ይሁን። «ኮረሪማው» ከነ ማረፊያው 1.1 ሰከንድ፣ «ጥቁር አዝሙዱ» 1.5፣ «ነጭ ሽንኩርቱ» 1.5፣ «ዝንጅብሉ» 1.1። አራት ስም፣ አራት ክሊፕ፣ ሁሉም ስሙ ከመጠራቱ 0.2 ሰከንድ ቀድመው ይግቡ። ግን 1.1 ሰከንድ ውስጥ ዓይን ብዙ ነገር አይፈልግም፣ የላክሽልኝ የዝንጅብል ክሊፕ ላይ ጠረጴዛም ሰሃንም ሴትዮዋም አሉ፣ ሰው ዝንጅብሉን ፈልጎ ሳያገኘው ያልፋል። ሄደሽ እንደገና ቅረጪው፣ ስልክ ይበቃል፣ ፍሬሙን ሙሉ ዝንጅብል ብቻ ይሁን። ረጅም የሚቆይ ምስል ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ አጭር የሚቆይ ምስል ግን አንድ ነገር ብቻ ነው መያዝ ያለበት። «በልኩ ገባ» ላይ ሲፈጭ ወይ ሲደባለቅ የሚታየውን አስገቢ፣ ንባቡ 0.8 ሰከንድ ነው ግን ከሱ በኋላ ያለው ትንፋሽ የሱ ነው፣ ስለዚህ ምስሉ ሰከንድ ተኩል ያህል ያገኛል።

አራተኛው 13.9 ላይ ገብቶ 16.1 ላይ ያልቃል። በርበሬ ገዢ ሁሉ የሚፈራው ባዕድ ነገሩን ስለሆነ እዚህ መስመር ላይ ምስሉን አታብዢበት፣ አንድ ክሊፕ ብቻ፣ የተፈጨው በርበሬ ከወንፊቱ ሲወርድ የቀረጽሽው አለ አይደል፣ እሱ በጣም ቆንጆ ነው፣ ሙሉውን ይቆይ፣ ከዚህ ጋ ሙዚቃውንም ዝቅ አድርጊው። አምስተኛው 16.7 ላይ ይጀምራል፣ ድስቱ ውስጥ ሲገባ፣ ከዛ «ቀለሙና» ከመባሉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወደ 18.6 ላይ፣ ቁሌቱ ቀልቶ ሲንተከተክ። መስመሩ 21 ላይ ያልቃል። ስድስተኛው 21.6 ላይ ገብቶ 25.6 አካባቢ ያልቃል፣ ፓኬቱ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ጋ ነው፣ ግማሽ ኪሎውና አንድ ኪሎው ጎን ለጎን ሆነው። ከ25.6 እስከ 30 አራት ሰከንድ ከምናምን ተረፈሽ፣ ካሰብነው ሦስት ሰከንድ በላይ ነው፣ ሎጎ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ ተነቦ ለመያዝ ይበቃል። ስክሪንሾት የሚያደርግም ያደርጋል።

ደንበኞችሽ ስልኩ ካልተነበበ ካሉ ቃል ይዘሽ አትከራከሪያቸው፣ ሁለቱንም ሠርተሽ አሳዪያቸው። ስልክ ቁጥሩ የሚነበብበት እንዲሆን ከፈለጉ ስድስት ሰከንዱ ከየት እንደሚመጣ እነሱ ይምረጡ፣ የሦስተኛው መስመር ቅመሞች በሙሉ ይወጣሉ ማለት ነው፣ ልክ ስድስት ሰከንድ ነው እሱም። እኔ እስካየሁት ባለቤቶች ኮረሪማቸውንና ጥቁር አዝሙዳቸውን አውጥተው ቁጥር ማስገባት አይወዱም፣ ምርጫው ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ ግን ነው የሚገባቸው። ለሬዲዮ የሚሄድ ቢሆን ሌላ ነው፣ እዛ ማያ የለም፣ ቁጥሩ መነበብ አለበት፣ ስክሪፕቱም ከዜሮ ነው የሚጻፈው።

ልጅቷን ከመጥራትሽ በፊት አንቺው በስልክሽ አንብበሽ ቅጂውና ታይምላይኑ ላይ አስቀምጪው፣ ድምፅሽ ቢያምርም ባያምርም ለውጥ የለውም፣ ለመለኪያ ነው። ምስሉን በዚህ ድምፅ ላይ ቁረጪ። ከዛ ሁለት ጊዜ እዪው፣ አንዴ ድምፁን ዘግተሽ ምስሉ ብቻውን ታሪኩን መናገሩን፣ አንዴ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንባቡ የሚቸኩልበት ቦታ መኖሩን። ከዛ ስክሪፕቱን የማያውቅ ሰው፣ ጎረቤትም ትሁን እህትሽ፣ አንዴ ብቻ አሳይተሽ «ዝንጅብል ሲባል ምን ይታይ ነበር?» በያት። ዝንጅብል ካለችሽ ገጥሟል። ካሰበች፣ ወይ ሌላ ነገር ካለችሽ፣ ቦታውን አገኘሽው ማለት ነው፣ ያንን ክሊፕ ሁለት ሦስት ፍሬም ቀደም ብሎ እንዲገባ አድርጊውና ለሌላ ሰው አሳዪ።

ልጅቷ ስትመጣ ሙሉውን ባንዴ አታስነብቢያት። ስድስቱን መስመር ለየብቻ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በመሃል ሁለት ሰከንድ ዝም ብላ። እንደዛ ከሆነ አንዱ መስመር ግማሽ ሰከንድ ቢረዝም ሌላኛውን ቅጂ ትጠቀሚያለሽ እንጂ ማፍጠን ውስጥ አትገቢም። በተለይ ሦስተኛው ላይ አንዴ በማረፍ፣ አንዴ ሳታርፍ እያያያዘች ታንብብልሽ። የባልትና ቤቱን ስም ደግሞ ለብቻው አስቀጂ፣ ነገ የሽሮና የሚጥሚጣ ማስታወቂያ ሲያዙሽ ያንኑ ትጠቀሚበታለሽ። የሽሮው ስክሪፕት ሲመጣ ፊደሉን ቆጥረሽ ላኪልኝ።